50 የማን ልክ ነው?

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ጎብዬ ልብስ በሁለት መንገድ ይገዛል። አንደኛው ሱቅ ገብቶ፣ ለብሶ፣ መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ መግዛት ነው። ሁለተኛው በስልክ ነው፤ የደሴ ወይም የአዲስ አበባ ሱቅ በቴሌግራም የለጠፈውን ፎቶ አይቶ ብር ይላካል፣ ዕቃው በመኪና ይመጣል። በዚህኛው መንገድ ለብሶ መሞከር የለም። ሙከራውን የሚተካው የልክ ምስል ነው። ሸሚዙ ወይም ሱሪው ይሳላል፣ ቀስቶች ይሰመሩበታል፣ ከጎኑ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ እያለ የቁጥር ሠንጠረዥ ይቀመጣል። ከምስሉ ሥር ደግሞ ቁጥሮቹን የሚያስረዳ አንድ ሁለት መስመር መጻፍ ነበረበት። ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጎብዬ ሆኖ ያዘዘውን ሸሚዝ ላንሣ። ምስሉ ላይ ቀስቱ ከብብት እስከ ብብት ተሰምሯል፤ ስሞል 50፣ ሚዲየም 52፣ ላርጅ 54 ይላል። ሌላ ቃል የለም። ወንድሜ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ አንድ ጋሼ ዘንድ ሄዶ ደረቱን አስለካ። ዙሪያው 98 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ግማሹ 49 ነው ብሎ አሰላና ከ49 የሚቀርበውን ስሞሉን አዘዘ። ስሌቱ ትክክል ነበር። ስህተቱ 50ውን የራሱ የደረት ልክ አድርጎ ማንበቡ ነው።

ሸሚዙ መጥቶ ሲለብሰው ትከሻው ልክ፣ ቁመቱም ልክ ሆኖ ሳለ፣ ሲቀመጥ በቁልፎቹ መካከል ጨርቁ እየተከፈተ ገላው ይታይ ነበር። እጁን ወደ ፊት ሲዘረጋ ጀርባው ይወጠራል። ልብስ ደረት ላይ እንደጠበበ የሚታወቀው በእነዚህ ሁለት ምልክቶች ነው፤ መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ግን አይታዩም። ወንድሜ ሸሚዙን ይዞ ወደ እኒያ ሰፊ ተመለሰ። እሳቸውም ጠረጴዛ ላይ አንጥፈው ለኩትና፣ "ልጄ፣ 50 የሸሚዙ ወርድ ነው እንጂ ያንተ አይደለም" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብሱ ተነጥፎ የተለካው 50 ከሆነ ዙሪያው 100 ነው። 98 ሳንቲ ሜትር ደረት ላይ ሲውል የሚተርፈው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ እንኳ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከማይለጠጥ ጨርቅ የተሰፋ ሸሚዝ ከሰውየው ደረት ቢያንስ 8፣ ሲመች 10 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር መስፋት አለበት። እንደ ራያ ቆላ ባለ ሙቀት እኔ ወደ 12ቱ አደላለሁ፤ ጨርቅ ከላብ ጋር ገላ ላይ ሲጣበቅ የሚያስጨንቀውን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ በመካከለኛው በ10 እንኳ ብናሰላ፣ 98 ላይ 10 ሲጨመር 108፣ ለ2 ሲካፈል 54። ለወንድሜ ልኩ ላርጁ ነበር። ሸሚዙ ከመሰፋቱ በፊት ያልታጠበ ጥጥ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው እጥበት ከመቶ 3 ወይም 4 ያህል ሊሰበሰብ ይችላል። 108ቱ ወደ 104 ይወርዳል ማለት ነው። ላርጁ ያኔ ጠበብ ቢልም ይቆለፋል፤ ስሞሉ ግን ከነጭራሹ አይቆለፍም።

ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ሁሉም ቁጥር የልብሱ አለመሆኑ ነው። በአውሮፓ ልክ የተሰፋ የወንድ ኮት ላይ 50 ተብሎ ሲጻፍ የለባሹ ደረት ግማሽ ነው፤ ደረቱ 100 ለሆነ ሰው የተሰፋ ማለት ነው፣ ምቾቱን ሰፊው አስቀድሞ ጨምሮበታል። ያው 50 በሸሚዙ ምስል ላይ የጨርቁ ወርድ፣ በኮቱ ላይ የሰው ገላ ሆነ። ከቻይና የሚመጣ ሸሚዝ አንገት ሥር 170/92 የሚል ጽሑፍ ሲገኝም የሰው ነው፤ ቁመቱ 170፣ ደረቱ 92 ለሆነ ሰው ማለት ነው። ሱሪ ላይ ሲሆን ሁለተኛው ቁጥር ወገብ ይሆናል። የልጆች ልብስ ላይ የሚታየው 110 ወይም 120ም የልጁ ቁመት በሳንቲ ሜትር ነው፤ እናት ልጇን ግድግዳ አስደግፋ ብትለካው ዕድሜውን ከመናገር ይሻላታል። የአራት ዓመት ልጅ ሁሉ እኩል አይረዝምምና።

የጅንስ ሱሪ 32 ደግሞ ኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 32 ወደ 81 ይመጣል። ዳሩ ግን 32 የተባለው ሱሪ በሜትር ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ81 ሰፋ ብሎ ይገኛል። አንድም ሱሪው ከእምብርት ዝቅ ብሎ ስለሚታጠቅ፣ አንድም አንዳንድ ፋብሪካ ገዢው ቀጭን ነኝ ብሎ ደስ እንዲለው ቁጥሩን ስለሚያሳንስ። ስለዚህ የአንዱ ሱቅ 32 ልኬ ነው ብሎ የሌላውን 32 በጭፍን ማዘዝ አያዋጣም።

ምስል ለጥፋችሁ የምትሸጡ ከሥሩ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "ቁጥሮቹ የልብሱ ናቸው፣ የሰው ገላ አይደሉም። ልኩ በሳንቲ ሜትር ነው። ሸሚዙ ተቆልፎና ተነጥፎ ከብብት እስከ ብብት ተለክቷል፤ ዙሪያውን ለማወቅ በ2 ያባዙ። ጨርቁ ጥጥ ነው፤ ሲታጠብ በትንሹ ይሰበሰባል። ከስፌት የተነሣ የ1 ወይም የ2 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሊኖር ይችላል።" ቁጥሮቹ የገላ ከሆኑም ያንኑ ጻፉ፤ "ደረትዎ ከ96 እስከ 100 ከሆነ ላርጅ ይውሰዱ" ማለት ይበቃል።

ገዢ ለሆነው ሰው የእኒያን ሰፊ ዘዴ ልንገረው። ገላህን አትለካ። ከሳጥንህ በጣም የሚመችህንና ብዙ ጊዜ የታጠበውን ሸሚዝ አውጣ፣ ቁልፎቹን ቆልፍ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ፣ እጥፋቱን በእጅህ አስተካክል። ጨርቁን ሳትስብ ከብብት እስከ ብብት በሜትር ለካ። ከዚያ ቁመቱን ከአንገት ሥር እስከ ጠርዝ፣ እጅጌውን ከትከሻ ስፌት እስከ መጨረሻው ለካና ሦስቱን ቁጥር ስልክህ ላይ ጻፍ። ለሱሪም እንደዚሁ የምትወደውን ሱሪ ቆልፈህ ወገቡን ከጫፍ ጫፍ፣ የውስጥ እግሩን ከመገጣጠሚያው እስከ ታች ለካ። በእጅህ ያለው የልብስ ልክ ነው፤ በምስሉ ካለው የልብስ ልክ ጋር ማስተያየት ትችላለህ። በሁለት ቁጥሮች መካከል ብትወድቅ ትልቁን ውሰድ፤ የሰፋውን ሰፊ ያጠበዋል፣ የጠበበውን ለማስፋት ግን ከስፌቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ያስፈልጋል፣ የፋብሪካ ልብስ ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱን አይተውም።

ብር ከመላክህ በፊት ለሻጩ አንድ ጥያቄ ጻፍለት፦ ይህ ቁጥር የልብሱ ነው ወይስ የሰው? መልስ ካልሰጠህ ተነጥፎ ሜትር የተዘረጋበትን የልብሱን ፎቶ ጠይቀው፤ እሱንም ካልላከ ከዚያ ሱቅ አትግዛ።