ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ትምህርት

በሊንክድኢን ላይ አንባቢ መጀመሪያ የሚያየው የጽሑፉን ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆነ፣ አማካሪ ከጨረሰው ሥራ ያገኘውን ትምህርት እዚያው ያስቀምጣል። «ፕሮጀክቱን በስኬት አጠናቀቅን» የሚል መክፈቻ ምንም አይነግርም። ለምሳሌ የአንድ መጋዘን ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ብሎ ከነበረ፣ «ልዩነቱ የመጣው ከስርቆት ሳይሆን ዕቃው ከወጣ በኋላ ማታ ከሚጻፍ የወጪ ሰነድ ነበር» ማለት ይሻላል። ቀጥሎ ሰነዱ በር ላይ እንዲጻፍ መደረጉ፣ ከዚያም ይህ መፍትሔ የሌሊት ጸሐፊ በሌለበት መጋዘን እንደማይሠራ ይገለጻል። እምነት የሚያስገኘው በተለይ ይህ ገደብ ነው፤ ሥራውን በእጁ ያልነካ ሰው አያውቀውምና። የደንበኛውን ስም መተው ብቻውን አይበቃም፤ ዘርፉ፣ ከተማውና ወሩ አንድ ላይ ከተጻፉ ድርጅቱ ይታወቃል። ስለዚህ ዝርዝሩ ይቀነሳል፣ አለዚያም አስቀድሞ የደንበኛው ፈቃድ ይጠየቃል።