ሁለት ጊዜ የተከፈለ እራት

ከመስክ ሥራ የተመለሰ ሠራተኛ የወሰደውን ቅድመ ክፍያ ሲያወራርድ ዛሬ የሚያቀርበው ወረቀት ብቻ አይደለም። የስልኩን ፎቶዎች ይከፍትና የሆቴሉን ሒሳብ፣ የቴሌብሩን ስክሪንሾት፣ የሬስቶራንቱን ደረሰኝ ፎቶ እየመረጠ ለሒሳብ ክፍል ይልካል። ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት ሙቀት ሲነካው ስለሚደበዝዝ በዕለቱ ፎቶ ማንሳት ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ አንዱ ወጪ በሦስት ምስል መምጣቱ ነው። በሦስቱም ላይ ያሉት ቁጥሮች ሁልጊዜ አይመሳሰሉም፤ ሲመሳሰሉ ደግሞ የሦስት ወጪ መስለው ይደመራሉ።

ብዙ ሰው ደረሰኝ አረጋገጥኩ ሲል የመጨረሻውን ድምር በካልኩሌተር ደግሞ ማየቱ ነው። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ግን መደመር አይስትም። የሚሳሳተው የሚያስገባው ሰው ነው፤ ሁለት ሌሊት ላደረ እንግዳ ሦስት ብሎ ከመዘገበ መሣሪያው ሦስቱን ሌሊት አስተካክሎ ያባዛል፣ ታክሱንም አስተካክሎ ያሰላል። ስለዚህ በመሣሪያ ደረሰኝ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ነው። ድምሩን ራሱን መጠርጠር የሚገባው በእጅ በተጻፈ ደረሰኝ ላይ ነው። እዚያ ማባዛቱም መደመሩም፣ ከሁሉ በላይ ታክሱ ይሳሳታል።

የታክሱ ስሕተት በአብዛኛው መልኩ አንድ ነው። ዋጋው ታክስን ጨምሮ 1,150 ብር የሆነ ዕቃ ተገዝቶ ታክሱን ለይተህ ጻፍ ሲባል፣ ጸሐፊው የ1,150ን 15 በመቶ ወስዶ 172.50 ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው 150 ብር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚታሰበው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ ጠቅላላው መጀመሪያ ለ1.15 ይካፈላል፤ 1,000 ይወጣል፤ ልዩነቱ ታክሱ ነው። በመሣሪያ ደረሰኝ ላይ ይህ ተለይቶ ይታተማል፤ TXBL1 በሚለው መስመር ታክስ የሚታሰብበት መጠን፣ TAX1 በሚለው ደግሞ ታክሱ ይገኛል። የመጀመሪያውን በ0.15 አባዝቶ ሁለተኛውን ማግኘት ነው። የአንድ ሁለት ሳንቲም ልዩነት ከማጠጋጋት ስለሚመጣ አያስጨንቅም።

ሆቴል ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ብዙ ሆቴሎች በዋጋው ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይደምሩና ታክሱን በዚያ ድምር ላይ ያሰላሉ። 1,000 ብር የተባለ ክፍል 1,100 ይሆናል፤ ከታክስ ጋር 1,265። ሁለቱን መቶኛዎች ደምሮ 1,250 የጠበቀ ሰው ሆቴሉ 15 ብር የበላበት ይመስለዋል፤ ሒሳቡ ግን ትክክል ነው።

ተደጋጋሚ ክፍያ የሚደበቀውም እዚሁ ሰርቪስ ቻርጅና ታክሱ ውስጥ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት ሠራተኛ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄዳ ሁለት ሌሊት አድራለች እንበል። የሆቴሉ ሒሳብ ክፍሉን 4,800፣ እራት 650፣ የልብስ አጠባ 150 ይላል፤ በድምሩ 5,600። ሰርቪስ ቻርጁ 560፣ ታክሱ 924፣ ጠቅላላው 7,084 ብር። መደመሩ ልክ ነው፣ ታክሱም ልክ ነው። ስትወጣ በቴሌብር ከፈለች። ከዚያው ጉዞ ደግሞ በስልኳ የሆቴሉ ሬስቶራንት የሰጣት የ822.25 ብር ደረሰኝ ፎቶ አለ።

እነዚህን ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው 650ን ከ822.25 ጋር አያገናኛቸውም። ግን 650 ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 715 ነው፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ሲታሰብ 822.25 ይሆናል። እራቱ ያው አንድ እራት ነው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ በጥሬ ገንዘብ ከፍላለች፤ አስተናጋጁ ደግሞ በክፍሏ ቁጥር አስመዝግቦታል። አንደኛው ምስል ከታክስ በፊት ያለውን፣ ሌላኛው ከታክስ በኋላ ያለውን ስለሚያሳይ ድግግሞሹ ለዓይን አይታይም። መፍትሔው ሁሉንም ምስሎች ወደ አንድ ዓይነት መጠን ማምጣት ነው፤ ጠቅላላውን ለ1.15፣ ሰርቪስ ቻርጅ ካለበት ውጤቱን እንደገና ለ1.1 አካፍሎ መነሻ ዋጋን ከመነሻ ዋጋ ጋር ማስተያየት።

ሰዓቱም ያሳስታል። የሬስቶራንቱ ደረሰኝ 20:10 ይላል፤ እሷ በማስታወሻዋ የጻፈችው ማታ 2:10 ነው። ቀኑም በደረሰኙ ላይ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በማወራረጃ ቅጹ ላይ በእኛ ነው። ሳይቀየር የተመዘገበ ቀንና ሰዓት አንዱን ክፍያ ሁለት ያስመስለዋል።

ከዋጋና ከሰዓት ይልቅ የማያሻማው ቁጥሩ ነው። የመሣሪያ ደረሰኝ FS No. የሚባል ተራ ቁጥር አለው፤ የቴሌብር ክፍያ የግብይት ቁጥር አለው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውር FT ብሎ የሚጀምር መለያ አለው። ከአንድ መሣሪያ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ደረሰኞች FS No. አንድ ከሆነ ሁለቱ ፎቶዎች የአንድ ወረቀት ናቸው፤ አንዱ ይወጣል። መጠኑና ተቀባዩ አንድ ሆኖ የግብይት ቁጥሩ ከተለያየ ግን ገንዘቡ በእርግጥ ሁለት ጊዜ ወጥቷል ማለት ነው። ኔትወርክ ሲንቀራፈፍ ክፍያው አልሄደም ብሎ ደግሞ የነካ ሰው ላይ ይህ ይደርሳል። ስክሪንሾቱን ለውበት ብሎ መቁረጥ የማይገባውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከታች ያለው ቁጥር ነው።

የቴሌብሩ ወይም የባንኩ ምስል ገንዘቡ መከፈሉን እንጂ ምን እንደተገዛ አያሳይም፤ የታክስ ደረሰኝንም አይተካም። በባንኩ መልእክት ላይ የሚታየው 15 በመቶ ታክስም ባንኩ ለአገልግሎቱ በሚያስከፍለው ላይ የታሰበ ነው፤ የዕቃው ታክስ መስሎት በቅጹ ላይ የሚጽፍ አለ። ስለዚህ ሁለቱ ምስሎች በአንድ ተራ ቁጥር ሥር ተያይዘው፣ መጠኑ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይቀርባሉ። በደረሰኙ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መኖሩም በዚሁ አጋጣሚ ይታያል፤ የራስዎ ስም ብቻ ያለበት ከሆነ መሥሪያ ቤቱ ታክሱን ለማካካስ ይቸገራል።

ወደ ሐዋሳው ሒሳብ ስንመለስ፣ እራቱ ከክፍሉ ሒሳብ ሲወጣ የሚቀረው 4,950 ነው፤ ሰርቪስ ቻርጁ 495፣ ታክሱ 816.75፣ ጠቅላላው 6,261.75 ብር። ከ7,084 ጋር ያለው ልዩነት ልክ 822.25 ነው፤ ይህም በትርፍ የተከፈለው የዚያው እራት ዋጋ መሆኑን ያሳያል። ለሆቴሉ ሲደወል መያዝ ያለባቸው የሁለቱ ደረሰኞች FS No. እና የቴሌብሩ የግብይት ቁጥር ናቸው። ገንዘቡ እስኪመለስ ማወራረጃው መዘግየት የለበትም፤ የሆቴሉ 6,261.75 እና የሬስቶራንቱ 822.25 ተጽፈው፣ የሆቴሉ ደረሰኝ ለምን ከተጠየቀው እንደሚበልጥ በአንድ መስመር ይብራራል። ተመላሹ ሲመጣ የተመላሹ ማስረጃ ከዚያው ፋይል ጋር ይያያዛል።