ከቅበላ እስከ ፋሲካ የሚቆይ ቺዝ

የጋሼ ላም ጾም አታውቅም። ዓቢይ ጾም ሲገባ ቤተሰቡ ሁሉ ለ55 ቀን ከወተትና ከቅቤ ይርቃል፤ እሷ ግን ጠዋትና ማታ መታለቧን ትቀጥላለች።

ጋሼ አጎቴ ናቸው። በኮሎምበስ ደቡብ፣ በሪከንባከር አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ከዚያ የበቆሎ እርሻዎቹ በሚጀምሩበት በኩል አምስት ኤከር መሬት ገዙ። ዶሮዎች፣ ጎመን፣ ሽንኩርትና አንዲት ጀርሲ ላም አሏቸው። ትልልቅ የጭነት አውሮፕላኖች በቤቱ ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ላሟ ቀና ብላ እንኳ አታይም።

ችግሩ ወተቱ ነበር። የጋሼ ባለቤት እትዬ የሰላሌ ልጅ ናቸው፤ እርጎ መናጥና አይብ ማውጣት ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል። አይብ ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ ጥቂት ቀን ነው የሚቆየው፣ ፋሲካ ሊደርስ አይችልም። ስለዚህ በጾም ወራት ብዙ ወተት ይደፋ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ላይ ጋሼ፣ «ከዚህ ሁሉ ላሟን ብንሸጣት ይሻላል» አሉ። እትዬ ምንም አልመለሱም፤ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ማስተርሴን ኔዘርላንድስ ስማር በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን ክብ ቺዞች አይ ነበር። እነዚያ ለወራት ከቆዩ የእኛስ ለምን አይቆይም ብዬ አሰብኩ። ከጾሙ በፊት ተሠርቶ በፋሲካ የሚቆረጥ ቺዝ ለመሥራት ለእትዬ ቃል ገባሁ።

እትዬ መጀመሪያ የጠየቁኝ ጥያቄ ጥሩ ነበር። «አይቡን ራሱን በድንጋይ ብንጫነውስ? ይደርቃል እኮ።»

ሞከርነው። ደረቀ፣ ግን ሲነኩት ፈረሰ። ምክንያቱ አይብ የሚረጋበት መንገድ ነው። አይብ ከአሬራ ይሠራል፤ አሬራው ጎምዝዟል፣ ከዚያ በእሳት ይሞቃል። ጉምዛዜውና ሙቀቱ የወተቱን ፕሮቲን ያረጉታል፣ ነገር ግን እንክብሎቹን እርስ በርስ የሚያጣብቀው ካልሲየም በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ምንም ያህል ብትጫኑት እንክብሎቹ አይዋሃዱም። ጠንካራ ቺዝ የሚረጋው ግን ሬኔት በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሬኔት ወተቱ ብዙ ሳይጎመዝዝ ያረጋዋል፣ ካልሲየሙም ይቀራል። እንዲህ የረጋ ወተት ሞቅ እያለ ከተጫኑት አንድ አካል ይሆናል።

«ሞቅ እያለ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ። የመጀመሪያው ቺዜ የተበላሸው በእሱ ምክንያት ነው።

ቅዳሜ፣ ማርች 2 ቀን 2024 ነበር። ፋሲካ ሜይ 5 ስለሚውል 64 ቀን ነበረን። ስምንት ሊትር ወተት በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ አሞቅን፤ ይህ ጎጂ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። ከዚያ ወደ 32 ዲግሪ አቀዘቀዝነው፤ ለቺዝ የሚሸጠውን የባክቴሪያ እርሾ ጨመርን፤ ከ45 ደቂቃ በኋላ ሬኔቱን አገባን። ሲረጋ በቢላ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ቆራረጥነውና ቀስ በቀስ እያማሰልን ወደ 38 ዲግሪ አደረስነው። ቁራጮቹ በእጅ ሲጨበጡ ይጣበቁ ነበር፤ በአውራ ጣት ሲነኩ ደግሞ ይለያዩ ነበር። ትክክለኛው ምልክት ይህ ነው። አጓቱን አጠለልን፣ ቁራጮቹን በጨርቅ በተሸፈነ፣ 15 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አስገባን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ መጫኛውን ቤዝመንት ባለው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኩት። ቺዝ የሚቆየው በቅዝቃዜ ስለሆነ የሚጫነውም በቅዝቃዜ ይመስለኝ ነበር። ክፍሉ 13 ዲግሪ ነበር። በዚያ ላይ 15 ኪሎ በአንዴ ጫንኩበት።

በማግስቱ ጨርቁን ስፈታው ፊቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ነበሩ። «ይደፈናሉ» አልኩ። አልተደፈኑም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስንጥቆቹ ሰፍተው አረንጓዴ ሻጋታ ገባባቸው። ያኔ ጥፋቱን በደረቁ አየር ላይ ጣልኩ። በኦሃዮ ክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን በጣም ያደርቀዋል፤ የእርጥበት መለኪያው 35 በመቶ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ለቺዝ የሚያስፈልገው ግን ከ80 እስከ 85 በመቶ ነው።

በፋሲካ ጠዋት እንግዶች ተቀምጠው ቺዙን ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ካርታ ነበር፤ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመሮች እስከ መሐል ድረስ ገብተዋል። ሽታው ይመር ነበር። እትዬ ዝም ብለው ዶሮ ወጡን አቀረቡ። ጋሼም ስለ ላሟ አላነሱም፤ እሱ ደግሞ ይባስ አሳፈረኝ።

ከመጣሌ በፊት ግን አንዱን ቁራጭ ብርሃን ላይ አየሁት። በሥራዬ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ ስህተቱ የሚታይበት ቦታና ስህተቱ የተሠራበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። እዚህም እንዲሁ ነበር። አየሩ በመድረቁ የሚመጣ ስንጥቅ ከውጭ ይጀምራል፤ ቅርፊቱ ላይ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። የእኔ መስመሮች ግን እንዲያ አልነበሩም። መሐሉ ላይ እንደ ጠርዙ ነበሩ፣ ደግሞም የአንድ ሴንቲሜትሩን ቁራጮች ዙሪያ ተከትለው ይሄዱ ነበር። ቁራጮቹ ከመጀመሪያውም አልተዋሃዱም ማለት ነው። ደረቁ አየር ክፍተቱን አሰፋው እንጂ አልፈጠረውም። የፈጠረው የመጀመሪያው ሰዓት ቅዝቃዜ ነበር፤ ቁራጮቹ ሲቀዘቅዙ ቅባታቸው ይጠነክራል፣ ፊታቸውም አይጣበቅም።

ጋሼን አንድ ዓመት ለመንኳቸው። «እሺ፣ አንዴ ብቻ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 15 ቀን 2025 እንደገና ጀመርን። ፋሲካ ኤፕሪል 20 ነበር፤ አሁንም 64 ቀን። አሠራሩ እስከ ማጥለል ድረስ ያው ነው። የተለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

መጫኛው ኩሽና ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ 22 ዲግሪ ባለበት ቦታ ቆመ። ለክብደት የውሃ ጋሎኖች ተጠቀምን፤ አንዱ ጋሎን 3.8 ኪሎ ያህል ይመዝናል። መጀመሪያ አንድ ጋሎን ለ15 ደቂቃ ጫንን። ከዚያ ቺዙን አውጥተን፣ ገልብጠን፣ ጨርቁን አስተካክለን ሁለት ጋሎን ለ30 ደቂቃ። እንደገና ገልብጠን ሦስት ጋሎን ለአንድ ሰዓት። በመጨረሻ አራት ጋሎን ሌሊቱን ሙሉ።

ክብደቱ ቀስ እያለ የሚጨምረው ለምንድን ነው? በአንዴ ከከበደ የውጭው ፊት ቶሎ ይዘጋል፣ አጓቱም ውስጥ ይታሰራል። የታሰረ አጓት ስኳር አለው፤ ባክቴሪያዎቹ እሱን እየበሉ ቺዙን ያጎመዝዙታል፣ ያለሰልሱታልም። እትዬ ይህን በዓይናቸው ተከታተሉት። «አጓቱ ጠብ ጠብ ይበል እንጂ አይፍሰስ» አሉ። ቀለሙም ይናገራል። ጥርት ያለ አረንጓዴ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው፤ ነጭ ከሆነ ክብደቱ በዝቶ ቅባቱ እየወጣ ነው።

ጠዋት ጨርቁ ሲፈታ ፊቱ ልስልስ ነበር። አንድም ስንጥቅ የለም። ክብደቱ 910 ግራም፣ ቁመቱ አምስት ሴንቲሜትር ያህል።

ቀጥሎ ጨው ነው። ሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ 750 ግራም አዮዲን የሌለው ጨው አሟሟን። አንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤና ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድም ጨመርን፤ ያለ እነሱ የጨው ውሃው ካልሲየሙን ከቅርፊቱ ስቦ ያሟልጨዋል። ቺዙ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ስድስት ሰዓት በጨው ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ በሦስተኛው ሰዓት ገለበጥነው። ጨው ጣዕም ብቻ አይደለም። ከፊቱ ውሃ ስቦ ቅርፊት ይሠራል፣ የባክቴሪያዎቹንም ሥራ ያዘገያል። ያን ቀን ውስጡ ገና ጨው የለውም፤ ጨው ከቅርፊቱ ወደ መሐል ለመድረስ ሳምንታት ይወስድበታል።

ከዚያ ሁለት ቀን በእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ እየተገለባበጠ፣ ሲነኩት እጅ እስከማያረጥብ ድረስ ደረቀ። በእነዚህ ቀናት አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ቺዙ እንደ ኳስ ከተነፋና ሲመቱት ባዶ ድምፅ ካሰማ ከቆሻሻ የመጣ ባክቴሪያ ጋዝ እየሠራበት ነው። እሱ አይድንም፣ ይጣላል።

አሁን ወደ ቀዝቃዛው ክፍል። ሙቀቱ 13 ዲግሪ፣ ለማቆየት ልክ ነው። የአየሩን ድርቀት በቀላሉ ፈታነው፤ ቺዙን ክዳን ባለው ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ በትንሽ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥነው። ክዳኑን በጥቂቱ ከፈት ስናደርገው እርጥበቱ 83 በመቶ ላይ ቆመ። ክዳኑ ላይ ጠብታ ከታየ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ትንሽም ይከፈታል።

ጾሙ ፌብሩወሪ 24 ገባ። እትዬ በየማለዳው ከጸሎታቸው በኋላ ወርደው ቺዙን ይገለብጡት ነበር። ካልተገለበጠ እርጥበቱ ወደ ታች ወርዶ ያኛው ፊት ይሻግታል። ሻጋታ ሲታይ በጨው ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጠርጉታል። ቅርፊት ላይ ያለ ሻጋታ ይጠረጋል፤ እንደ መጀመሪያው ወደ ውስጥ የገባ ግን የማይታወቅ ሻጋታ ስለሆነ አይበላም። ማንም አልቀመሰውም፤ ጾም ነው። የምናውቀው በሚዛንና በአፍንጫ ብቻ ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት ግራም ይቀንሳል፤ ሽታው መጀመሪያ እርጎ እርጎ ይል ነበር፣ በኋላ ግን ወደ ለውዝ ተጠጋ።

በፋሲካ ጠዋት 830 ግራም መዘነ። ቢላውን ለእትዬ ሰጠኋቸው። ውስጡ ቢጫ፣ ድፍን፣ ያለ አንድ መስመር ነበር። እትዬ ትንሽ ቆርሰው በእንጀራ ጠቅልለው ጋሼን አጎረሷቸው።

ጋሼ ቀስ ብለው አኘኩ። «አይብ አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ «በሚቀጥለው ዓመት ግን ሁለት ሥሩ።»

ላሟ አልተሸጠችም። ጠዋትና ማታ ትታለባለች።