ለሚያረፍድ ሠራተኛ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ

በጭሮ አንድ የግል ክሊኒክ አለ እንበል። ካርድ ክፍል የምትሠራው ሠራተኛ መግቢያዋ ከጧቱ 2:00 ነው፤ እሷ ስታረፍድ ከገጠር ሌሊት ተነስቶ የመጣ ታካሚ ደጅ ላይ ይቆማል። ኃላፊው ደጋግሞ ነግሯታል። አሁን መጻፍ አለበት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በዚህ ላይ ግልጽ ነው። በቂ ምክንያት ሳይኖረው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው፣ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ማሰናበት ይቻላል። በቃል መቆጣት ብቻውን፣ መቶ ጊዜ ቢሆንም፣ ይህን አያሟላም። በቂ ምክንያት የሚባለው ምን እንደሆነ ደግሞ በኅብረት ስምምነቱ፣ በሥራ ደንቡ ወይም በሥራ ውሉ ይታያል።

ደካማው ደብዳቤ «በተደጋጋሚ ስለሚያረፍዱ» ብሎ ያልፋል። ስንት ጊዜ? መቼ? ለዚህ መልስ የሌለው ወረቀት ክርክር ቢነሳ አሠሪውን አያግዝም፤ ሠራተኛዋም ምን ላይ እንደምትከራከር አታውቅም። ጥሩው እንዲህ ይላል፦

«ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. 25 ደቂቃ፣ ጥቅምት 14 ቀን 40 ደቂቃ ዘግይተው ገብተዋል። ጥቅምት 15 ቀን ስንነጋገር እናትዎን እንደሚያስታምሙ ገልጸውልን፣ ለሁለት ሳምንት መግቢያዎ 3:00 እንዲሆን ተስማምተናል። ጊዜው ካበቃ በኋላ ኅዳር 4፣ 9 እና 12 ከ20 ደቂቃ በላይ ዘግይተዋል።»

የእናቷ ሕመም መጻፉ ደብዳቤውን አያላላውም። ምክንያቷ እንደተሰማና ጊዜ እንደተሰጣት የሚያሳየው እሱ ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት 3:00 የገባችበት ቀን እንደ ማርፈድ አይቆጠርም። ደብዳቤው ቀጥሎ ከኅዳር 13 ጀምሮ በ2:00 እንድትገባ ይጠይቃል፤ አሁንም ችግር ካለባት በጽሑፍ እንድታቀርብ ቦታ ይተዋል። «ሰነፍ»፣ «ግድየለሽ» የሚሉ ቃላት እዚህ ቦታ የላቸውም።

ሰዓቱ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የጣት አሻራ መቆጣጠሪያው 08:25 ብሎ ያተመውን ደብዳቤው 2:25 ካለው፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን መግለጽ ነው። ቋንቋውም እንዲሁ፦ በጭሮ፣ በሂርና፣ በገለምሶ ወይም በበዴሳ ከአማርኛ ይልቅ አፋን ኦሮሞ የሚቀናት ሠራተኛ በአፋን ኦሮሞ ሊጻፍላት ይገባል።

ስትቀበል የምትፈርመው «ደርሶኛል» ብላ እንጂ ጥፋቱን አምና አይደለም፤ ይህ ከፊርማው በላይ ቢጻፍ ጠብ ይቀንሳል። አልፈርምም ካለች ሁለት ሰዎች ባሉበት ተሰጥቷት፣ ቀኑ ተጽፎ እነሱ ይፈርማሉ። አንዱ ግልባጭ ከግል ማኅደሯ ይገባል።

አሠሪውንም ሕጉ ይይዘዋል። ስምንተኛው ማርፈድ ከታወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ዝም ካለ፣ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ያበቃል።