የዕለት የቡና ዋጋ ዘገባ፦ ተረትና እውነታ

የዕለት የዋጋ ዘገባ አንድ ምርት በአንድ ቀንና በአንድ ቦታ በስንት ብር እንደተሸጠ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ነው። የሚያነቡት ቡናውን ዛሬ ልሽጥ ወይስ ላቆይ የሚል ገበሬ፣ ሰብሳቢ፣ አቅራቢ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። በስልክ መልእክት ስለሚተላለፍ ወይም በሰሌዳ ላይ ስለሚለጠፍ ከጥቂት መስመር መብለጥ የለበትም። ይሁን እንጂ ለማሳጠር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው መቆረጥ የሌለበት ነው። «ዛሬ የጅማ ቡና በጣም ጨምሮ 6,800 ገባ» የሚል ዘገባ አጭር ነው፤ ግን ከእሱ ተነሥቶ መሸጥም መግዛትም አይቻልም። ከታች የሚታዩት ልማዳዊ አስተሳሰቦች እንዲህ ላለው ዘገባ መነሻ ናቸው። የቀረቡት የጅማ ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ እንጂ የትክክለኛ ቀን ግብይት አይደሉም።

«ቁጥሩ ይበቃል፤ መለኪያውን ነጋዴው ያውቀዋል»

በኢትዮጵያ የቡና ንግድ ዋጋ የሚጠራው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የቡና ዋጋን በብር በፈረሱላ ያወጣል። እህል ግን በኩንታል ይሸጣል፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። በችርቻሮ ደግሞ ሁለቱም በኪሎ ይሸጣሉ። ቡናም እህልም የሚነግድ ሰው በአንድ ቀን በሦስቱም መለኪያ ይሠራል። ስለዚህ «ነጋዴው ያውቀዋል» የሚለው ነጋዴው በዚያች ሰዓት የትኛውን መለኪያ እያሰበ እንደሆነ አይነግርም።

6,800 ብር በፈረሱላ ከሆነ አንዱ ኪሎ 400 ብር ነው። ያው 6,800 በኩንታል ከተነበበ ግን አንዱ ኪሎ 68 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ወደ ስድስት እጥፍ ይጠጋል። ከውጭ የሚመጣው ዋጋ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል። የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ የሚወጣው በአሜሪካ ሳንቲም በፓውንድ ነው፤ የለንደን የሮቡስታ ዋጋ ደግሞ በዶላር በቶን። አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ስለሆነ በኒውዮርክ 300 ሳንቲም ማለት በኪሎ 6.61 ዶላር ያህል እንጂ 3 ዶላር አይደለም።

የመለኪያ ስህተት ራሱን የሚያጋልጥበት ምልክት አለው። ዘገባ አዘጋጁ አዲሱን ዋጋ ለቀደመው ሲያካፍል 5.9 ገደማ ካገኘ ፈረሱላና ኩንታል ተቀላቅለዋል። 17 ካገኘ ፈረሱላና ኪሎ፣ 2.2 ካገኘ ደግሞ ፓውንድና ኪሎ ተምታተዋል። ገበያ በአንድ ሌሊት በእነዚህ ቁጥሮች ልክ አይዘልም። ስለዚህ ዘገባው ከመውጣቱ በፊት ይህችን አንዲት ማካፈል መሥራት ከሁሉ ርካሽ የሆነ ማጣሪያ ነው። በቁና ወይም በጣሳ የተሸጠ እህል ግን በማካፈል አይስተካከልም፤ ስፍሩ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይና ይዘትን እንጂ ክብደትን ስለማይለካ፣ ዋጋው ወደ ዘገባው የሚገባው አንዱ ስፍር በሚዛን ተመዝኖ በኪሎ ከታወቀ በኋላ ብቻ ነው።

«ቡና ቡና ነው፣ ጤፍም ጤፍ ነው»

እሸት፣ ጀንፈልና የተቀሸረ ቡና የአንድ ፍሬ ሦስት ደረጃዎች ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አይገናኝም። ከደረቀ ጀንፈል የሚወጣው የተቀሸረ ቡና በግምት ግማሽ ነው። አንድ ኪሎ የተቀሸረ ቡና ለማግኘት ደግሞ ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልጋል። ጀንፈል በኪሎ 200 ብር፣ የተቀሸረው 400 ብር ሲሸጥ ገበያው ተከፈለ ማለት አይደለም፤ ከመቀሸሪያ ወጪው በቀር ሁለቱ ያው ዋጋ ናቸው። የታጠበና ያልታጠበ፣ የትኛው ደረጃ፣ ገበሬው በር ላይ ነው ወይስ መጋዘን ገብቶ የሚለውም እንደዚሁ በዘገባው መታየት አለበት። ጤፍም ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ ወይም ቀይ ካልተባለ የኩንታሉ ዋጋ ትርጉም የለውም።

«‹ዛሬ› ካልን ቀኑ ታውቋል»

«ዛሬ» የሚለው ቃል የሚሠራው ዘገባው በወጣበት ቀን ብቻ ነው። የተላለፈ መልእክት ከሁለት ቀን በኋላ ለሌላ ሰው ሲደርስ ያኔም «ዛሬ» እያለ ይናገራል። በደላሎች ስልክ ውስጥ ያለፈ ሳምንት ዋጋ እንደ አዲስ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍም አያድንም። 5/4/2017 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠርም ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ላይ ይውላል። ያንኑ ጽሑፍ ውጭ አገር ያለ ገዢ ካነበበው ግን ኤፕሪል 5 ወይም ሜይ 4 ቀን 2017 ይመስለዋል፤ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል ያረጀ ዋጋ ማለት ነው። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፣ የሳምንቱን ዕለት መጨመር፣ ዘገባው ለውጭ አንባቢም የሚሄድ ከሆነ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ዕለቱ በተለይ ይጠቅማል፦ ረቡዕ ተብሎ ቀኑ ሐሙስ ላይ የሚውል ከሆነ ስህተት እንዳለ ወዲያው ይታወቃል።

ሰዓትም የራሱ ወጥመድ አለው። የኒውዮርክ የአረቢካ ግብይት የሚዘጋው በዚያ አገር አቆጣጠር ከቀኑ 1:30 ላይ ነው። ይህ በኢትዮጵያ ሰዓት አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት በሚገፉበት ወቅት ከምሽቱ 2:30፣ በሌላው ጊዜ ከምሽቱ 3:30 ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት በሚወጣ የኢትዮጵያ ዘገባ ላይ «የዛሬ ኒውዮርክ» የሚባል የመዝጊያ ዋጋ ሊኖር አይችልም፤ ያለው የቀደመው የግብይት ቀን መዝጊያ ነው፤ እንደዚያም ተብሎ መጻፍ አለበት።

ንጽጽሩም ቀን ይፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ገና የዋለው ማክሰኞ ታኅሣሥ 29 ነበር። ረቡዕ ታኅሣሥ 30 የወጣ ዘገባ «ከትናንት ጋር ሲነጻጸር» ቢል ከበዓል ቀን ጋር ሊያነጻጽር ነው። ትክክሉ «ከሰኞ ታኅሣሥ 28 ጋር» ነው።

«አማካይ ማለት ዋጋዎቹን ደምሮ ለብዛታቸው ማካፈል ነው»

ይህ ከሁሉም ይልቅ ቅን የሆነውን ጸሐፊ የሚያሳስት ነው፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ልክ ሆኖ መልሱ ስህተት ይሆናል። በዚያው ረቡዕ በአንድ ቦታ ሦስት ሽያጮች ተካሄዱ እንበል። አንዱ 10 ፈረሱላ በ6,900 ብር፣ ሁለተኛው 200 ፈረሱላ በ6,750 ብር፣ ሦስተኛው 90 ፈረሱላ በ6,800 ብር ነው። ሦስቱን ዋጋዎች ደምሮ ለሦስት ማካፈል 6,817 ብር ይሰጣል። የሰኞው አማካይ 6,790 ብር ከነበረ ዘገባው «27 ብር ጨመረ» ይላል።

ገበያው ግን እንዲህ አልሆነም። ከ300ው ፈረሱላ 200ው የተሸጠው በዝቅተኛው ዋጋ ነው፤ 6,900 ብር ያወጣው 10 ፈረሱላ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዋጋ በተሸጠበት መጠን ሲባዛ 69,000፣ 1,350,000 እና 612,000 ብር ይመጣል። ድምሩ 2,031,000 ብር ለ300 ፈረሱላ ሲካፈል 6,770 ብር ነው። ስለዚህ ዋጋው 20 ብር፣ ማለትም 0.3 በመቶ ቀንሷል። ተራው አማካይ የዋጋውን አቅጣጫ ገለበጠው። ትንሽዋ ውድ ሽያጭ ከትልቁ ሽያጭ እኩል ድምፅ አገኘች፤ ገበሬውም ጨምሯል ተብሎ ቡናውን እንዲያቆይ ይገፋፋል። በመጠን የተመዘነ አማካይ ለማውጣት የተሸጠው መጠን መመዝገብ አለበት፤ መጠኑ ካልተገኘ አማካይ ሳያወጡ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ብቻ መጻፍ የበለጠ ታማኝ ነው።

የዚያ ቀን ዘገባ ሙሉ ሆኖ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

ረቡዕ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 8 ቀን 2025)። ጅማ፣ መጋዘን የገባ ያልታጠበ የተቀሸረ ቡና፣ ደረጃ 5። ዋጋ በብር በፈረሱላ (17 ኪሎ)፦ ዝቅተኛ 6,750፤ ከፍተኛ 6,900፤ በመጠን የተመዘነ አማካይ 6,770 (በኪሎ 398 ብር)። የተሸጠ 300 ፈረሱላ (51 ኩንታል)፣ በ3 ሽያጭ። ከሰኞ ታኅሣሥ 28 አማካይ (6,790) በ20 ብር፣ በ0.3 በመቶ ቀንሷል።

የሽያጮቹ ቁጥር የተጻፈው በዋጋው ላይ ምን ያህል መተማመን እንደሚቻል ስለሚያሳይ ነው። በሦስት ሽያጭ የወጣ አማካይ በሠላሳ ሽያጭ እንደወጣው አይታመንም።

«ምክንያቱን ያላብራራ ዘገባ ጎደሎ ነው»

«በጣም ጨመረ»፣ «ገበያው ተነቃቃ»፣ «በብራዚል ድርቅ የተነሣ» የሚሉ ሐረጎች ዘገባውን ያረዝሙታል እንጂ አያሟሉትም። ለአንዱ «በጣም» 1 በመቶ ነው፣ ለሌላው 10 በመቶ፤ ቁጥሩ ከተጻፈ ቃሉ አያስፈልግም። ምክንያት የሚባለውም በአብዛኛው ዋጋው ከታወቀ በኋላ የሚለጠፍ ግምት ስለሆነ ቦታው ሳምንታዊ ትንታኔ ነው። በዕለቱ መጨመር ያለበት ቁጥሮቹን የሚለውጥ ነገር ብቻ ነው። ለምሳሌ ዋጋው ወደ ዶላር ከተመነዘረ ምንዛሪው ከነቀኑ ይጻፋል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን በአሮጌ ምንዛሪ የተሠራ ስሌት ሁሉ ከንቱ ነበር።

«ግብይት ከሌለ የትናንቱን ዋጋ መድገም ነው»

የተደገመ ዋጋ «ገበያው ተረጋግቷል» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ እውነቱ ግን የገዛም የሸጠም የለም የሚል ነው። ዜሮ መጻፍም ሌላ ስህተት ነው፤ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ የሚሰበስብ ሰው ዜሮውን እንደ ዋጋ ቆጥሮ አማካዩን ያበላሽበታል። «ግብይት አልተካሄደም፤ የመጨረሻው ዋጋ የሰኞ ታኅሣሥ 28፣ 6,790 ብር በፈረሱላ» ማለት ይበቃል።

ስህተትም እንደዚሁ በግልጽ ይታረማል። 6,770 በስህተት 6,970 ተብሎ ከወጣ የድሮውን መልእክት ዝም ብሎ መለወጥ አይጠቅምም፤ ቀድሞ ያነበበው አይመለከተውምና። በማግስቱ ዘገባ መጀመሪያ ላይ «እርማት፦ በረቡዕ ታኅሣሥ 30 ዘገባ አማካይ 6,970 የተባለው 6,770 ብር ተብሎ ይነበብ» ተብሎ ይጻፋል፤ የሐሙስ ጥር 1 ዋጋም የሚነጻጸረው ከታረመው ቁጥር ጋር ነው።