«ግባ» ወይስ «ይግቡ»?

የቡ የቡና ከተማ ናት። ቡና በሚለቀምበት ወራት ለቃሚው፣ ነጋዴውና ሹፌሩ ከየአካባቢው ስለሚመጣ በራችንን የሚያንኳኳው ሰው ብዙ ጊዜ የማናውቀው ነው። በሩን የሚከፍተው ልጅ ታዲያ ገና በሰላምታው «እንደምን ዋልክ» ይበል ወይስ «እንደምን ዋሉ» መወሰን አለበት።

እኔ ለልጅ ልጆቼ መጀመሪያ የማስተምራቸው ውሳኔውን ለጥቂት ጊዜ ማቆየትን ነው። «ጤና ይስጥልኝ» እና «ሰላም ነው?» አንተም አንቱም የለባቸውም። እዚህ አብዛኛው ሰው የሚለዋወጠው «አሰላሙ ዓለይኩም»ም ለአንድ ሰው ሲባል አይቀየርም፤ መጨረሻው «ኩም» በዐረብኛ የብዙ ቁጥር ነው። ስልክ ላይ ደግሞ «ማን ልበል?» አለ። እንግዳው እስኪመልስ ልጁ ድምፁን ይሰማል፣ ፊቱን ያያል።

ቀጣዩ ቃል ግን ማምለጫ የለውም። ጋቢ የተከናነበ ሰው ሲመሽ መጥቶ «አባትህ አሉ?» ቢል፣ ልጁ «አሉ፣ ይግቡ» ይበል። «ይግቡ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ጋቢው ሲገለጥ እንግዳው ወጣት ሆኖ ከተገኘ ስቆ «አንተ በለኝ» ይላል፤ ልጁም ያኔ «እሺ፣ ግባ» ቢል የሚከፋ የለም። በ«ግባ» ጀምሮ ሽበት ሲያይ ወደ «ይግቡ» ቢዞር ግን የፊተኛው ቃል ድፍረት እንደነበር ራሱ መሰከረ ማለት ነው። ከላይ መውረድ ይቀላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ግን አንቱ የተባለው ሰው ነው።

«እርስዎ» የማያስደስተውም አለ። ሠላሳዎቹን ያላለፈች ሴት «አስረጀኸኝ እኮ!» ልትል ትችላለች። ለእሷ «እህቴ፣ ግቢ» ማለት ይበቃል፤ «እህቴ» አክብሮቱን ስለያዘ «ግቢ» አይሻክርም። «ጋሼ፣ ና» የሚለውም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በአፋን ኦሮሞ «ኢሲን» ለብዙ ሰዎችም ለአንድ የተከበረ ሰውም ያገለግላል። «አካም ቡልተኒ?» ሁለቱንም ያስኬዳል። ስለዚህ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ ለአንድ ሽማግሌ በአማርኛ «እንደምን አደራችሁ?» ሊል ይችላል። ሰሚው ሌላ ሰው ፈልጎ ዞር ይላል። ልጁ ግን የቤቱን አክብሮት ነው ይዞ የመጣው፤ እንግዳ ፊት መቆጣት አይገባም። እንግዳው ከሄደ በኋላ፣ አማርኛ ሁለቱን እንደሚለይ ማሳየት ነው፦ ለብዙዎች «አደራችሁ»፣ ለአንድ ትልቅ ሰው «አደሩ»።