ሰማያዊው ቀለም ቢጠፋም ቃጠሎው አለ

ክራንክ ሻፍት ተሰበረ በተባለ ቁጥር የሚወቀሰው ብረቱ ነው። «ፎርጅድ ዕቃ ገዝተህ ነው» ይባላል፤ ባለ መኪናውም እጁን አጨብጭቦ ይቀራል። ሰሞኑን ደግሞ ከዚህ የባሰ ምክር ከጋራዥ ጋራዥ ሲዞር ሰማሁ። ክራንኩ ግራይንድ ሲደረግ አንገቱ ላይ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ከወጣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ነው፣ ቀለሙ ሲለቅ ችግሩም አብሮ ይለቃል፤ እንዳይደገም ደግሞ ጠንከር ያለ ድንጋይ መግዛት ነው ይላል። ሁለቱም ስህተት ናቸው። ሁለተኛው እንዲያውም ቃጠሎውን የሚጠራው ራሱ ነው።

መሠረታዊውን ቶሎ ልለፈው። የግራይንደር ድንጋይ ከሦስት ነገር ይሠራል፤ ከሚቆርጡ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ እነሱን ከያዘው ማጣበቂያ እና በመካከላቸው ከቀረው ባዶ ቀዳዳ። ጎኑ ላይ «ኤ 60 ኤል 5 ቪ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለው። «ኤ» ቅንጣቱ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው ማለት ነው፤ 60 የቅንጣቱ መጠን ነው፣ ስፋቱ ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ 5 የቅንጣቶቹን መቀራረብ ይናገራል፤ «ቪ» ማጣበቂያው እንደ ሸክላ በእሳት የበሰለ መሆኑን ያሳያል። ሁሉን የሚያሳስተው መካከል ያለው «ኤል» ነው። ይህ ፊደል ከኤ እስከ ዜድ ይሄዳል፤ የሚለካውም ማጣበቂያው ቅንጣቱን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘው ነው። ሻጩ «ጠንካራ ድንጋይ» ሲል ይህንን አያያዝ ማለቱ ነው እንጂ የቅንጣቱን ጥንካሬ አይደለም። ደንቡም ሰው እንደሚጠብቀው አይደለም፤ ብረቱ እየጠነከረ በሄደ መጠን ድንጋዩ እየለሰለሰ መሄድ አለበት።

ለምን? መልሱ አንዲት ቅንጣት ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ረጋ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ።

አዲስ የተሳለ ድንጋይ ላይ ያለች ቅንጣት ሹል ጫፍ አላት። ብረቱን ስትነካ ትገባበታለች፣ ቀጭን መላጫ አንስታ ትወጣለች። ብረቱ የጠነከረ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከላዩ ብቻ በኢንዳክሽን ተግሎ 50 እና ከዚያ በላይ ሮክዌል ሲ የደረሰ የክራንክ አንገት ከሆነ፣ ጫፏ በየንክኪው ትንሽ ትንሽ ይላጫል። ከጊዜ በኋላ ሹሉ ቀርቶ በቦታው ጠፍጣፋ ሜዳ ይቀራል። ይህች ጠፍጣፋ ቅንጣት አትቆርጥም፤ ትታሻለች። የደነዘ ቢላ ቲማቲሙን ከመክፈል ይልቅ እንደሚጨፈልቀው ማለት ነው። ድንጋዩ በሰከንድ 30 ሜትር ያህል እየበረረ የሚታሽ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ጉልበት መላጫ ወደ ማንሳት ሳይሆን ወደ ሙቀት ይለወጣል።

አሁን ሁለት መንገድ አለ። ማጣበቂያው ለስላሳ ከሆነ፣ ቅንጣቷ ስትደንዝ የሚገፋት ኃይል ይጨምራል፤ ኃይሉ ሲጨምር ወይ ቅንጣቷ ተሰንጥቃ አዲስ ሹል ታወጣለች፣ ወይ ከነሥሯ ተነቅላ ከኋላዋ ላለችው ቦታ ትለቃለች። ድንጋዩ ራሱን ሳለ ማለት ነው። ማጣበቂያው ጠንካራ ከሆነ ግን የደነዘችው ቅንጣት ሙጭጭ እንዳለች ትቀራለች። ድንጋዩ አያልቅም፤ ባለቤቱም «ይኸው፣ ስንት ሥራ ሠራ፣ ገና አልተነካም» ብሎ ይደሰታል። የድንጋዩ ፊት ግን እንደ መስታወት ማብለጭለጭ ጀምሯል። ያ ብልጭታ የሺህ ጠፍጣፋ ጫፎች ብርሃን ነው፤ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሰማያዊው ቀለም ነው።

ማልኪን እና ኩክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1971 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ያወጡት ጥናት እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከድንጋዩ ላይ የሚወርደውን አቧራና ፍርፋሪ ሰብስበው ሲለዩት፣ አብዛኛው የመጣው ከቅንጣት ስብራትና ከማጣበቂያ ስብራት ሆኖ ተገኘ። ጫፍን የሚያደነዝዘው መላጨት ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ላይ የሚያርፈውን ኃይልና የሚያመጣውን ሙቀት የሚወስነው ግን ያ ጥቂቱ ነው። ስለዚህ ድንጋይ «ቶሎ አለቀ» ብሎ መማረር ለተሳሳተው ዓይነት መበላት ማልቀስ ነው። የሚያልቀው ድንጋይ ክራንኩን ያድናል፤ የማያልቀው ያቃጥለዋል።

(አረንጓዴውን የሲሊከን ካርባይድ ድንጋይ «ይበልጥ ጠንካራ ነው» ብለው ለብረት የሚገዙም አሉ። ቅንጣቱ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይጠነክራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጋለ ብረት ላይ በኬሚካል ይበላል፤ ካርቦኑ ወደ ብረቱ ይገባል። ለካርባይድ መቁረጫና ለመሳሰሉት ጥሩ ነው፣ ለክራንክ አይደለም።)

ትክክለኛ ፊደል ያለው ድንጋይ እንኳ በአሳሳል ሊበላሽ ይችላል። ድንጋይ የሚሳለው ባለ አልማዝ ጫፍ ፊቱን እየላጨ ሲያልፍ ነው። አልማዙን በዝግታ ያሳለፈው ሰው፣ ድንጋዩ አንድ ዙር ሲዞር አልማዙ መቶኛ ሚሊ ሜትር ብቻ ከተራመደ፣ እያንዳንዷን ቅንጣት ደጋግሞ ነክቶ ጫፏን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ፊቱ ልስልስ ያምራል፤ ግን ሥራ ሳይጀምር የደነዘ ነው። አልማዙ በየዙሩ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ቢራመድ ቅንጣቶቹ ይሰነጠቃሉ፣ ፊቱ ሻካራና ክፍት ይሆናል። ያለቀ አልማዝም እንደ ዘገየ እጅ ነው፤ ጫፉ ተበልቶ ሰፍቶ ከሆነ ምንም ያህል ቢፈጥን ድንጋዩን ያደነዝዛል።

አሁን አንድ አንገት ይዘን እናስላ። የአንገቱ ውፍረት 75 ሚሊ ሜትር፣ ድንጋዩ 600 ሚሊ ሜትር፣ ክራንኩ በደቂቃ 60 ጊዜ ይዞራል፤ ሠራተኛው በአንድ ዙር 0.015 ሚሊ ሜትር ያስገባል እንበል። ሁለት ክብ ነገሮች በዚህ ጥልቀት ሲነካኩ የንክኪው ርዝመት 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአንገቱ ፊት በሰከንድ 236 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ አንድ ነጥብ ከድንጋዩ በታች የሚቆየው ከሰከንድ ሺህ እጅ አራቱን ያህል ነው። ቅጽበት ነው፤ ግን በዚህች ቅጽበት ሙቀት በብረት ውስጥ ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህ ከተላጨው ጥልቀት ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። ድንጋዩ ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ የመታሸቱ ሙቀት ከተላጨው ብረት መጠን ጋር እምብዛም አይቀንስም። ስለዚህ «ቀስ ብዬ ልሥራው» ብሎ የክራንኩን ዙር ዝቅ ማድረግ አያድንም፤ እያንዳንዱ ነጥብ ይበልጥ ይቆይና ሙቀቱ ይበልጥ ይወርዳል። ያንኑ ያህል ብረት ለማንሳት የሚሻለው በዙር ያነሰ ማስገባትና ክራንኩን ማፍጠን ነው።

በዚያ 0.2 ሚሊ ሜትር ውስጥ የሚሆነው እንደ ሙቀቱ ይለያያል። አንገቱ ሲጠነክር ከውኃው በኋላ እስከ 200 ዲግሪ ገደማ ብቻ ዳግም ሞቆ ነበር። ግራይንደሩ ከዚያ በላይ ካሞቀው ብረቱ ይለሰልሳል፤ ጥንካሬው ያልቃል። ከ730 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ደግሞ ውስጣዊ ቅርጹ ይለወጣል፣ ከሥሩ ያለው ቀዝቃዛ ብረትም ወዲያው ሙቀቱን ስለሚመጥጠው እንደ ገና ይጠነክራል። አዲሱ ንብርብር ማርቴንሳይት ነው፤ ግን ዳግም ያልሞቀ፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ ከሥሩም የለሰለሰ ንብርብር ይተኛል። በሁለቱም ሁኔታ የለሰለሰው ንብርብር ሲቀዘቅዝ ሊኮማተር ይፈልጋል፣ ከሥሩ ያለው ግን አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ እንደ ተወጠረ ይቀራል። ክራንኩ በየዙሩ ሲጎብጥ ስንጥቅ የሚጀምረው ከተወጠረ ቦታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው አንገቱ ከጎን ግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ክብ ጥግ ነው። እዚያ ንክኪው ሰፊ ነው፣ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ በደንብ አይደርስም፣ የክራንኩም ትልቁ ጫና የሚያርፈው እዚያው ነው። ፈሳሹ በርከት ብሎ ሲፈስ ማየትም ማረጋገጫ አይደለም። ውኃ ነክ ፈሳሽ በንክኪው ሥር መፍላት ከጀመረ በእንፋሎት ይሸፈናል፣ ማቀዝቀዙን ያቆማል፤ ሙቀቱም በአንድ ጊዜ ያሻቅባል።

ሰማያዊው ቀለምስ? እሱ ብረቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ያበጀው ስስ ልባስ ነው፤ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ ያንሳል፤ ቀለሙም ከልባሱ ውፍረት የሚመጣ የብርሃን ሥራ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያልፍበት ይሄዳል። ከሥሩ ያለው ጉዳት ከሱ በሺህ ጊዜ ሊጠልቅ ይችላል፣ አልተነካም። ሠራተኛው ራሱ በመጨረሻ ሳይጭን ጥቂት ዙር ሲያሽከረክር ቀለሙን ሳያውቅ ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የሚያበራ አንገት የተቃጠለ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቀለም ሁሉ ጥልቅ ጉዳት ነው ማለትም አይደለም። አንዳንዱ ስስ ነው። የእቶን የቀለም ሠንጠረዥ ይዞ «ሰማያዊ 300 ዲግሪ ነው» የሚል ሰውም ይሳሳታል፤ ያ ሠንጠረዥ ለደቂቃዎች ለቆየ ብረት የተሠራ ነው፣ ሚሊ ሰከንድ ለነካው አይደለም።

ጉዳቱን የሚያሳየው ናይታል ነው፦ በአልኮል የቀጠነ፣ ከመቶ 3 እስከ 5 እጅ ናይትሪክ አሲድ። (አሲዱን ወደ አልኮሉ ቀስ እያሉ መጨመር ነው እንጂ በተቃራኒው አይደለም፤ ጠንካራ ድብልቅ ሠርቶ በተከደነ ጠርሙስ ማስቀመጥም አደገኛ ነው።) ዘይቱ በደንብ የጸዳ አንገት ላይ ሲቀባ ደህናው ብረት ወጥ የሆነ ግራጫ ይሆናል፣ የለሰለሰው ይጠቁራል፤ እንደ ገና የጠነከረው ደግሞ ጥቁር ጠርዝ ያለው ነጭ ጠብታ መስሎ ይወጣል። ነጭ ከታየ ነገሩ ከባድ ነው። ሲያበቃ በውኃ አጥቦ፣ የአሲዱን ኃይል አጥፍቶ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። ዘዴው ወሰን አለው፤ ጉዳቱ የት እንዳለ ይናገራል፣ ምን ያህል እንደ ጠለቀ ግን አይናገርም። ስንጥቅ ለመፈለግ የማግኔት ዱቄት ምርመራ ይጨመርበታል፤ እሱም የሚያገኘው የተከፈተ ስንጥቅ እንጂ ውጥረት አይደለም።

እኔ ያሰላሁት 0.2 ሚሊ ሜትርም ሙቀቱ የሚደርስበትን ስፋት ያሳያል እንጂ ብረቱ በእርግጥ የሚበላሽበትን ጥልቀት አይደለም። እሱ ከዚያ ሊያንስ ይችላል፤ ስንቱ ሙቀት ወደ ብረቱ፣ ስንቱ ወደ መላጫውና ወደ ድንጋዩ እንደሚሄድ ዛሬም ባለሙያዎች የሚከራከሩበት ነው። ሆኖም በሒሳቡ እንሂድ። የተቃጠለውን አንገት ለማዳን 0.2 ሚሊ ሜትር ከዙሪያው መነሳት አለበት እንበል። ቤሪንጎች በ0.25 ሚሊ ሜትር እርምጃ ነው የሚሸጡት፤ ይህ ግን የውፍረት ልክ ነው፣ ከአንድ ጎን የሚነሳው 0.125 ብቻ ነው። አንድ እርምጃ አይበቃም። ሁለት እርምጃ ወርዶ 0.25 ከጎን አንስቶ፣ በሹል ድንጋይ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከዚያ እንደ ገና በናይታል ማየት ያስፈልጋል። ክራንኩ ቀድሞ 0.50 ዝቅ ብሎ የነበረ ከሆነ አሁን 1.00 ላይ ይደርሳል፤ አምራቹ እዚያ ድረስ ካልፈቀደ ያ ክራንክ ቁርጥራጭ ብረት ነው።